320 ብር ወይስ 3,300 ብር? የአንድ ተጠቃሚ ወጪ በትክክል ሲሰላ

ለአንድ የልማት ማህበር ሁለት የውሃ ፕሮጀክቶች ቀረቡ እንበል። የማህበሩ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የመጀመሪያው ፕሮጀክት በአንድ የገጠር ቀበሌ ሦስት ጉድጓዶች አስቆፍሮ የእጅ ፓምፕ ይተክላል። በጀቱ 2,400,000 ብር ነው። ሰነዱ "7,500 ሰዎች ተጠቃሚ ይሆናሉ" ይላል። ሁለተኛው በሌላ ቀበሌ፣ ከመንደሩ በላይ ያለ ምንጭ አጎልብቶ፣ ውሃውን በቧንቧ ቁልቁል አውርዶ አራት ቦኖዎች ይሠራል። በጀቱ 6,600,000 ብር ነው፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ 2,000 ሰዎች።

ከኮሚቴው አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያካፍላል። የመጀመሪያው በአንድ ሰው 320 ብር ሆነ። ሁለተኛው 3,300 ብር። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስብሰባው በአምስት ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ማካፈሉ ትክክል ነው። ግን የተካፈሉት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። እነዚህን ሁለት ፕሮጀክቶች ደረጃ በደረጃ አብረን እናስተካክላቸው፤ መጨረሻ ላይ ርካሽ የሚሆነው ሌላኛው ነው። የብር መጠኖቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፣ ዋጋ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለያያል። የስሌቱ መንገድና የሚያጋጥሙት ስህተቶች ግን በየፕሮጀክት ሰነዱ የምናያቸው ናቸው።

ከሰዎቹ እንጀምር

ብዙ ሰው በጀቱን ነው የሚጠራጠረው። እኔ መጀመሪያ የምጠራጠረው የተጠቃሚውን ቁጥር ነው። በጀት ደረሰኝ አለው፣ ኦዲተር ያየዋል። የተጠቃሚውን ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ኦዲት አያደርገውም። ደግሞም በጥቂቱ ከፍ ሲል ውጤቱን ወዲያው ያሳምረዋል።

7,500 ሰው ከየት መጣ? የቀበሌው ጠቅላላ ሕዝብ ነው። ሦስት ፓምፕ ግን ቀበሌውን በሙሉ አያጠጣም። በቀበሌው ማዶ ጫፍ የምትኖር እናት ጀሪካን ተሸክማ አንድ ሰዓት ተኩል አትመጣም። እቅርቧ ካለው ወንዝ ትቀዳለች።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ውሃው የሚደርስበት ርቀት ላይ ስንት ሰው ይኖራል? ፓምፑስ ለስንት ሰው የሚበቃ ውሃ ያወጣል? ከሁለቱ መልሶች የሚያንሰው ነው እውነተኛው የተጠቃሚ ቁጥር።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መለኪያ አለን። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውሃ አቅርቦት ደረጃ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። በምሳሌያችን ከሦስቱ ጉድጓዶች በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት ቤቶች ሲቆጠሩ 180 ሆኑ። በአንድ ቤት 5 ሰው ብንል 900 ሰው ይሆናል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የስፌር መመሪያ ይረዳናል። ስፌር የእርዳታ ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መስፈርት ነው። ለአንድ የእጅ ፓምፕ ቢበዛ 500 ሰው ይላል። ይህን 500 ብዙ ሰነድ እንዳለ ይገለብጠዋል። ከጀርባው ያለውን ስሌት ግን ማየት ያስፈልጋል። ፓምፑ በደቂቃ 17 ሊትር ያወጣል፣ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል፣ አንድ ሰው ደግሞ በቀን 15 ሊትር ይወስዳል ከሚል ግምት ነው የመጣው። 17 በ60 ደቂቃ፣ ከዚያ በ8 ሰዓት ሲባዛ 8,160 ሊትር ይሆናል። ለ15 ሲካፈል ከ500 ትንሽ ይበልጣል። እኛ ግን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ነው የፈለግነው። 8,160 ለ25 ሲካፈል 326 ሰው ነው። ሦስቱ ፓምፖች አንድ ላይ 978 ሰው ያጠጣሉ ማለት ነው።

አቅሙ 978፣ ቅርብ የሚኖረው 900። የሚያንሰውን እንውሰድ፣ 900። ከ7,500 ወደ 900 ወረድን።

አሁን ምንጩን በተመሳሳይ መንገድ እንፈትሸው። ለአንዱ ጠንክረን ለሌላው ብንለሳለስ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። ሰነዱ 2,000 ሰው ያለው መንደሩ ውስጥ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉ 400 ቤቶችን ቆጥሮ ነው። ውሃውስ ይበቃል? ምንጩ በሰከንድ 0.7 ሊትር ይሰጣል እንበል። ማጠራቀሚያው የሌሊቱንም ውሃ ስለሚይዝ ሙሉውን ቀን መቁጠር እንችላለን። በቀን 60,480 ሊትር ይሆናል፣ በ25 ሊትር ለ2,419 ሰው ይበቃል። ቧንቧዎቹስ? አራቱ ቦኖዎች እያንዳንዳቸው አራት መቅጃ ካላቸው 16 ናቸው። አንድ መቅጃ በደቂቃ 7.5 ሊትር ለ8 ሰዓት ከሰጠ 3,600 ሊትር ነው፣ ይህም ለ144 ሰው ይበቃል። በ16 ሲባዛ 2,304። ሁሉም ከ2,000 በላይ ስለሆነ የሰነዱ ቁጥር ይቆማል። ምንጩ የተለካው ግን በስንት ወር እንደሆነ መጠየቅ አይረሳ። በመስከረም የተለካ ምንጭና በግንቦት የተለካ ምንጭ አንድ አይደሉም። የሚያስፈልገን የበጋው መጨረሻ ቁጥር ነው።

በአንድ ቤት 5 ሰው ስለሚለውም አንድ ነገር ልበል። ይህ ቁጥር ከልማድ የመጣ ነው። ለገጠር ብዙም አይርቅም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በገጠር አማካዩን የቤተሰብ ቁጥር 4.9 አድርጎታል። ለከተማ ግን 3.5 ነው ያገኘው። ስለዚህ አንድ የከተማ ፕሮጀክት 1,000 ቤቶችን በ5 ካባዛ 1,500 ሰው ከአየር ጨመረ ማለት ነው። የከተማና የገጠር ፕሮጀክት ስታወዳድሩ ይህች ማባዣ ብቻዋን ፍርዱን ልታዛባው ትችላለች።

ሌላው የተለመደ ችግር አንድን ሰው ደጋግሞ መቁጠር ነው። ውሃ ያገኘችው ወይዘሮ የንጽህና ትምህርትም ወሰደች፣ የውሃ ኮሚቴ አባልም ሆነች። ሦስቱ ዝርዝሮች ሲደመሩ ሦስት ተጠቃሚ ሆና ትወጣለች። ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የተጠቃሚዎቹን ድምር ከመንደሩ ሕዝብ ጋር አስተያዩት። ድምሩ ከነዋሪው ከበለጠ የተቆጠረው ሰው ሳይሆን ተሳትፎ ነው። "ቀጥተኛ ያልሆነ ተጠቃሚ" የሚባለውንም እንዲሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ ከቀጥተኛው ጋር አትደምሩት። በእኔ እምነት ለማወዳደር የሚሆነው ቀጥተኛው ብቻ ነው።

ወጪው ሙሉ ነው?

የፓምፑ ፕሮጀክት 2,400,000 ብር ያለው ቁፋሮውን፣ ፓምፖቹንና የሲሚንቶ ሥራውን ነው። ሥራውን የሚከታተለው መሐንዲስ ደመወዝ የት ገባ? የመኪናውና የነዳጁስ? "እሱማ በማህበሩ መደበኛ በጀት ይሸፈናል" የሚል መልስ ይመጣል። ይሁን፣ ግን ወጪ ነው። መሐንዲሱ ከጊዜው ሩቡን በዚህ ፕሮጀክት ላይ ካጠፋ የደመወዙ ሩብ የዚህ ፕሮጀክት ነው። መኪናውም እንዲሁ በኪሎ ሜትር ይከፋፈላል። በምሳሌያችን ይህ 300,000 ብር ነው። ነዋሪው ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበቱንም ይሰጣል። በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ሲተመን 150,000 ብር ነው። አጠቃላይ ወጪው 2,850,000 ብር ሆነ።

የምንጩ ፕሮጀክት የመሐንዲሱንና የመኪናውን ወጪ ከመጀመሪያው በ6,600,000 ውስጥ አስገብቷል። በዚህ ምክንያት ነው በከፊል ውድ የመሰለው። ሐቀኛ ሆኖ ጻፈ፣ በሐቀኝነቱ ተጎዳ። የቀረው የነዋሪው ጉልበት ነው። የቧንቧውን ቦይ የሚቆፍረው ሕዝቡ ስለሆነ 400,000 ብር እንጨምርበት። 7,000,000 ብር ይሆናል።

የነዋሪውን ጉልበት ለምን እንደምንጨምር የሚጠይቅ አይጠፋም። ማህበሩ አይከፍልበትም፣ ለማህበሩ ካዝና ወጪ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው የማንን ወጪ ነው የምናሰላው የሚል ነው። የማህበሩን ብቻ ካላችሁ ከሁለቱም አውጡት። የሁሉንም ካላችሁ በሁለቱም አስገቡት። ከአንዱ አውጥቶ በሌላው ማስገባት ብቻ ነው የማይቻለው። እኔ እንዲገባ እመርጣለሁ። አንድ ገበሬ ሁለት ሳምንት ቦይ ሲቆፍር የራሱ እርሻ ይጠብቀዋል።

በአገራችን በዚህ ላይ ተጨማሪ ውዥንብር የፈጠረ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ድርጅቶች ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ ማውጣት አይችሉም ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው መመሪያ ደግሞ ብዙ የመስክ ሥራ ወጪዎችን፣ የትራንስፖርት ወጪን ጨምሮ፣ በአስተዳደር ውስጥ መደባቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደሩን ጣሪያ 20 በመቶ አደረገ፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለውንም አጠበበው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ደመወዝ በአንድ ዘመን ሰነድ "አስተዳደር"፣ በሌላው "ፕሮግራም" ተብሎ ይገኛል። የአንድ ተጠቃሚ ወጪን ስታሰሉ ምድቡን እርሱት። ሁለቱንም ደምራችሁ አካፍሉ። "በፕሮግራም ወጪ ብቻ ያሰላነው ነው" የሚል ቁጥር ሲመጣ ሙሉውን ጠይቁ። የአስተዳደሩ ድርሻ ዝቅ ማለቱ በራሱ ርካሽ ነው ማለትም አይደለም። በሰው 5,000 ብር የሚያወጣ ፕሮጀክት 8 በመቶ አስተዳደር ሊኖረው ይችላል፣ በሰው 2,000 ብር የሚያወጣው 18 በመቶ።

ዋጋው የመቼ እንደሆነ ማየትም ግድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፓምፕና ቧንቧ በአመዛኙ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ነው የሚሠሩት። አንዱ ፕሮጀክት ከዚያ በፊት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ዋጋ ካስያዙ ብር ከብር ጋር ማወዳደር አይቻልም። ትክክለኛው መንገድ የቆየውን ሰነድ በአዲስ ፕሮፎርማ ማስጠየቅ ነው። ሁሉንም በዶላር መቀየር አይፈታውም፣ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ከዶላሩ ጋር እኩል አልጨመረምና።

ውሃው ስንት ዓመት ይፈሳል?

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ደረስን። እስካሁን ባስተካከልነው መሠረት የፓምፑ ፕሮጀክት 2,850,000 ለ900 ሲካፈል በሰው 3,167 ብር ገደማ ነው። የምንጩ 7,000,000 ለ2,000 ሲካፈል 3,500 ብር። አሥር እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ግን አሁንም ፓምፑ ርካሽ ነው። የቀረው ጊዜው ነው።

ፓምፑ ለ10 ዓመት ያገለግላል እንበል። የምንጩ ግንባታና ቧንቧ ለ20 ዓመት። እንግዲህ 3,167 ብር የአሥር ዓመት ውሃ ሲገዛ 3,500 ብር የሃያ ዓመት ውሃ ይገዛል። ስለዚህ ወጪውን በአገልግሎት ዘመኑ አካፍለን የዓመት እናደርገዋለን፣ በየዓመቱ የሚወጣውን የጥገና ወጪ እንጨምራለን፣ ከዚያ በሰው እናካፍላለን።

ፓምፑ፦ 2,850,000 ለ10 ሲካፈል 285,000 ብር። ለሦስቱ ፓምፖች ጥገና በዓመት 45,000 ብር። ድምሩ 330,000። ለ900 ሰው ሲካፈል በዓመት 367 ብር ገደማ።

ምንጩ፦ 7,000,000 ለ20 ሲካፈል 350,000 ብር። ለጥገናና ለቦኖ ጠባቂ 50,000 ብር። ድምሩ 400,000። ለ2,000 ሰው ሲካፈል በዓመት 200 ብር።

ተገለበጠ። በመጀመሪያው ስሌት ከአሥር እጥፍ በላይ ውድ የነበረው አሁን ዋጋው ወደ ፓምፑ ግማሽ የሚጠጋ ነው። አንድ ሳንቲም አልተቀነሰለትም፣ እንዲያውም 400,000 ብር ጨምረንበታል።

የሒሳብ ባለሙያ የሆነ አንባቢ "ዛሬ የሚወጣ ብር ከሃያ ዓመት በኋላ ካለ ብር ጋር እኩል አይደለም" ይላል። ልክ ነው። ዛሬ የተከፈለ ገንዘብ ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችል ነበር። ይህን በዓመት 10 በመቶ ብንተምነው የፓምፑ የዓመት ወጪ በሰው ወደ 565 ብር፣ የምንጩ ወደ 436 ብር ከፍ ይላል። ምንጩ አሁንም ያንሳል፣ ልዩነቱ ግን ጠበበ። ረጅም ዕድሜ ያለው ግንባታ በቀላሉ በዓመት ሲካፈል ከሚገባው በላይ ርካሽ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ለትንሽ ማህበር ቀላሉ መንገድ ይበቃል እላለሁ። ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ ሲገኝ ግን ይህንንም ማየት ተገቢ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የሃያ ዓመቱ ግምት ነው። ማን አለ 20 ዓመት ያገለግላል? ምንጩ ጥገና አጥቶ በ10 ዓመቱ ቢቆምስ? እናስላው። 7,000,000 ለ10 ሲካፈል 700,000 ነው፣ ከ50,000 ጥገና ጋር 750,000። ለ2,000 ሰው ሲካፈል 375 ብር። ከፓምፑ 367 ብር ጋር እኩል ሆነ ማለት ይቻላል።

ይህ ስሌት ለኮሚቴው እጅግ ጠቃሚ ነገር ይነግረዋል። ውሳኔው የተንጠለጠለው ምንጩ ከአሥር ዓመት በላይ መቆየት አለመቆየቱ ላይ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በብር ላይ መሆኑ ይቀርና በሌላ ጥያቄ ላይ ይሆናል። የውሃ ኮሚቴው በወር ስንት ይሰበስባል? የተሰበሰበው የባንክ ደብተር አለው? ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠግን ሰው በወረዳው አለ? ያው ድርጅት ከስምንትና ከአሥር ዓመት በፊት የሠራቸው ቦኖዎች ዛሬ ስንቱ ይፈሳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። በስልክ ወይም በአንድ የመስክ ጉብኝት መልሱ ይገኛል። ከሠራቸው አሥር ግንባታዎች ስድስቱ ቆመው ከተገኙ በሰነዱ ላይ ያለውን 20 ዓመት አትመኑ። ለፓምፑም ይኸው ነው። መለዋወጫው በቅርብ ከተማ የማይሸጥ ከሆነ 10 ዓመቱ 5 ይሆናል። ያን ጊዜ የፓምፑ ወጪ በዓመት በሰው ወደ 683 ብር ይወጣል።

ተጠቃሚ ማለት ምን ያገኘ ሰው ነው?

ሁለት የውሃ ፕሮጀክቶችን ማወዳደር በአንጻሩ ቀላል ነው፣ በሁለቱም ሰው የሚያገኘው ያንኑ 25 ሊትር ነውና። ነገሩ የሚከብደው "ተጠቃሚ" የሚለው ቃል በሁለቱ ሰነዶች የተለያየ ነገር ሲይዝ ነው።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክም ፕሮግራም እንውሰድ። የጤና ሠራተኞች የሕፃናቱን የላይኛ ክንድ ዙሪያ በሜትር ይለካሉ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ወደ ሕክምና ይገባል። አንድ ሕፃን እስኪያገግም በግምት አንድ ካርቶን፣ ማለትም 150 ከረጢት ገንቢ ምግብ፣ ይወስዳል። እንግዲህ ከተለኩት 10,000 ሕፃናት 300ዎቹ ሕክምና ገቡ እንበል። አንዱ ድርጅት ተጠቃሚዬ 10,000 ነው ይላል። ሌላው 300። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ክንዱ የተለካና ጤነኛ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሕፃን፣ ካርቶን ሙሉ ምግብና የሳምንታት ክትትል ካገኘ ሕፃን ጋር በአንድ ዓምድ መቆጠር የለበትም። የመለካቱ ወጪ ለብቻ በተለኩት፣ የሕክምናው ወጪ ለብቻ በታከሙት ይካፈል።

በዚህ ረገድ ከአገራችን ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በሲዳማ የተሠራ ጥናት ሁለት የሕክምና መንገዶችን አወዳደረ። አንዱ ሕፃናቱ በማዕከል ተኝተው የሚታከሙበት ነው፣ ሌላው ከቤታቸው እየተመላለሱ በማኅበረሰብ ደረጃ የሚታከሙበት። በአንድ በታከመ ሕፃን የተኝቶ ሕክምናው ወደ 263 ዶላር፣ የማኅበረሰቡ ወደ 135 ዶላር ሆነ። አጥኚዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም። በአንድ በዳነ ሕፃንም አሰሉት፣ ወደ 285 እና ወደ 146 ዶላር አደገ። ሁለተኛው ስሌት የሚጠቅመው ርካሹ መንገድ ርካሽ የሆነው ሕፃናቱን ሳያድን እየሸኘ ከሆነ ያንን ስለሚያጋልጥ ነው። እዚህ እንደዚያ አልነበረም፣ በዳነ ሕፃንም ቢሰላ የማኅበረሰቡ ሕክምና ግማሽ ያህል ነበር። በዚያ ላይ እናትየው ከሌሎች ልጆቿና ከሥራዋ ተለይታ ማዕከል ውስጥ የምትቆይባቸውን ቀናት አስቡ። በእርሷ በኩል ያለው ወጪ በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ አይታይም።

ግባቸው ጨርሶ የሚለያይ ፕሮግራሞችን፣ ለምሳሌ ውሃንና የተማሪ ምገባን፣ በአንድ ተጠቃሚ ወጪ ብቻ አበላልጦ መፍረድ ግን አይቻልም። ምገባ በየትምህርት ቀኑ ምግብ ይገዛል፣ ሁልጊዜ ከውሃ ውድ ይሆናል። ይህ ስለ ምግብ ዋጋ ነው የሚነግረን፣ ስለ ፕሮግራሙ ጥራት አይደለም። እዚህ ላይ ምገባውን ከሌላ ምገባ ጋር አወዳድሩ፤ አንድ ሳህን ምግብ በስንት ብር ወጣ ብላችሁ። ውሃና ምገባ መካከል መምረጥ የኮሚቴውና የነዋሪው ውይይት ነው፣ ማካፈል አይፈታውም።

ሩቅ ያለው ቀበሌ

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ይህ ስሌት በጥንቃቄ ቢሠራም የራሱ አድልዎ አለው። ሁልጊዜ የሚያዳላው ለቅርቡ፣ ለተሰበሰበውና ለለጥ ያለው ቦታ ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሲሚንቶ በአህያ ይጫናል። ቤቶቹ ተበታትነው ከሆነ ቧንቧው ይረዝማል፣ በአንድ ቦኖ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው ያንሳል። ወጪው ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢወጣ ድርጅቱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በየዓመቱ ርካሹን ብቻ የሚመርጥ ማህበር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ ያገለገለ ሆኖ ይገኛል። እነዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላም አማራጭ ያላቸው ናቸው።

ለዚህ የምመክረው ከማወዳደር በፊት በመልክዓ ምድር መመደብን ነው። ደጋማና መንገድ የሌለውን ቀበሌ ከመሰሉ ጋር፣ የሜዳውን ከሜዳው ጋር። ለሩቆቹ ከጠቅላላ በጀቱ ላይ ድርሻ አስቀድሞ ይለይ፣ ከዚያ በዚያ ድርሻ ውስጥ ርካሹ ይመረጥ። እንዲህ ሲሆን ስሌቱ ሥራውን ይሠራል፣ ሩቁም ሰው ከወረፋው አይወጣም።

ቁጥሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ወይም ውጭ አገር ሆነው ገንዘብ ለሚያዋጡ አባላት ሲቀርብም ብቻውን አይቅረብ። "በሰው 200 ብር" ተብሎ ቢጻፍ ማንም መልሶ ሊያሰላው አይችልም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይችላል፦ "በዓመት በአንድ ሰው 200 ብር። የነዋሪው ጉልበትና የመሐንዲሱ ደመወዝ ተካቷል። ተጠቃሚው በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካሉ 400 ቤቶች የተገኘ 2,000 ሰው ነው። የአገልግሎት ዘመኑ 20 ዓመት ተገምቷል፣ 10 ዓመት ብቻ ቢሆን 375 ብር ይሆናል። ዋጋው የዘንድሮ ነው።"